ቱቦ ሲጨመር የሚጨምረው ምንድን ነው?

ለመኪና ጥገና ሠልጣኞች የተዘጋጀ አንድ የማስተማሪያ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ከተመለሰ በኋላ እንዳርመው ተሰጥቶኝ ነበር። ስለ ጎማ አቀያየር በሚያወራው ክፍል ውስጥ «ዳዶዎቹን በ103 ኒውተን ሜትር የኃይል ቅጽበት አጥብቅ» ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ኃይልን አውቃለሁ፤ ቅጽበትንም አውቃለሁ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ግን ዳዶውን ዓይንህን ጨፍነህ እስክትገልጥ ባለው ጊዜ አጥብቀህ ጨርስ የሚሉ ይመስላሉ።

ተርጓሚው ሰነፍ አልነበረም። መነሻው ጽሑፍ «ቶርክ» አላለም፤ በሌላ ስሙ «ሞመንት» ብሎታል። ተርጓሚው መዝገበ ቃላት ቢገልጥ ሞመንት ቅጽበት ሆኖ አገኘው፤ ያገኘውን ጻፈ። የቃሉ የላቲን አያት የሚዛንን ምላስ ወደ አንድ ወገን የምታዘነብለውን ትንሿን ክብደትም ያመለክት ነበር። የጊዜው ትርጉምም የሜካኒኩ ትርጉምም ከዚያው ግንድ የወጡ ቅርንጫፎች ናቸው፤ ተርጓሚያችን የያዘው የተሳሳተውን ቅርንጫፍ ነው።

ቅጽበቱን ሰረዝኩት። ይህ ቀላል ነበር። በቦታው ምን ልጻፍ የሚለው ግን ከሳምንት በላይ ፈጀብኝ፤ በመጨረሻም ከጠረጴዛዬ አስነሥቶ ጋራዥ ወሰደኝ።

እዚያ ዕድሜያቸውን በሙሉ መኪና ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ አንድ መካኒክ አሉ። የደረስኩት አንድ የዛገ የጎማ ዳዶ አልፈታ ብሏቸው ሲታገሉ ነበር። መፍቻውን ይዘው ሁለት ጊዜ ሞከሩ፤ ዳዶው አልነቃነቅ አለ። ከግድግዳው ጥግ ቁራጭ የውኃ ቱቦ አንሥተው የመፍቻው እጀታ ላይ አጠለቁና ጫፉን ይዘው ተጫኑት። ዳዶው ሲጥ ብሎ ዞረ።

«ጋሼ፣ ቱቦው ምን ጨመረልዎት?» አልኳቸው።

«ኃይል ነዋ!»

«ኃይሉማ የእርስዎው ነው። ቱቦው በራሱ ምንም አይገፋ።»

እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ትንሽ አሰቡ። «እሱስ ልክ ነህ። ክንዴ ያው ክንዴ ነው፤ የጨመረ ነገር ግን አለ። ስሙን እንግዲህ እናንተ የተማራችሁት አምጡት።»

ቶርክ ማለት ያ ስም ያጣው ነገር ነው። አንድን ነገር በአንድ ዘንግ ዙሪያ ለማዞር ስንገፋ ውጤቱን የሚወስነው የገፋንበት ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ከዘንጉ ምን ያህል ርቀን ገፋን የሚለውም ነው። ሁለቱ ይባዛሉ። በርን ከእጀታው በኩል በአንድ ጣት መግፋት ይቻላል፤ ከማጠፊያው አጠገብ ሆነን ከሞከርን ግን ትከሻም አይበቃም። ከላይ ያየነውን 103 ኒውተን ሜትር እንውሰድ፤ ለብዙ ትንንሽ የቤት መኪኖች የጎማ ዳዶ የሚታዘዝ ልክ ነው። መፍቻው 25 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ጫፉን በ412 ኒውተን መጫን ያስፈልጋል፤ ይህም 42 ኪሎ የሚመዝን ነገር የማንጠልጠል ያህል ነው። በቱቦ ወደ 50 ሳንቲ ሜትር ሲረዝም 21 ኪሎ ይበቃል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን እጀታውን አገድም ስንጫነው ነው። እጀታውን ወደ ዳዶው አቅጣጫ በቁመቱ ብንገፋ፣ ጉልበታችን የፈለገውን ያህል ቢሆን፣ የማዞር ውጤቱ ዜሮ ነው።

ነገሩን እጃችን ያውቀዋል ማለት ነው። ታዲያ ስሙ ለምን ጠፋ?

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጋራዡን ራሱን ነው። የጋራዥ አማርኛችን ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፦ ዳዶ፣ ቡሎን፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ። ጣሊያኖች ለቶርክም ስም አላቸው፤ «ኮፒያ» ይሉታል፤ ጥንድ ማለት ነው። መሪን በሁለት እጅ ይዘን አንዱን ወደ ላይ ሌላውን ወደ ታች ስንገፋ የሚገኘውን ጥንድ ግፊት አስቡት። እኔ ግን ኮፒያን ከአንድም የአገራችን መካኒክ አፍ ሰምቼው አላውቅም። የወረስናቸውን ቃላት መልሳችሁ ተመልከቱ፤ ሁሉም በእጅ የሚጨበጥ ነገር ስሞች ናቸው። ከጌታ ወደ ረዳት ሠራተኛ የሚተላለፈው «ፒንሳውን አቀብለኝ» የሚለው ትእዛዝ ነው። የማይጨበጥና በመለኪያ ብቻ የሚታወቅ ነገር አይቀበሉትም፤ ስሙም አብሮ አይሻገርም። ልኩ ሲያስፈልግ «እስኪከር አጥብቀው» ይባላል፤ መለኪያው የጌታው ክንድ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ትምህርት ቤት ነው። ልጆች በአማርኛ በሚማሩበት ዕድሜ ስለ መፈንቅልና ስለ ሚዛን ቀለል አድርገው ይማራሉ። ቶርክ በስሙና በቀመሩ የሚመጣው ሁለተኛ ደረጃ ከደረሱ በኋላ ነው፤ የማስተማሪያው ቋንቋ ደግሞ እዚያ እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ አማርኛው ቃል የሚወለድበት ክፍል አልነበረም። በ1966 አብዮት ዘመን የተፈጠሩትን ወይም የተስፋፉትን ቃላት ከዚህ ጋር ማነጻጸር ነው። ወዝንና አደርን አጣብቆ የተሠራው «ወዛደር»፣ ከግእዙ «አበየ» የወጣው «አብዮት» በየዕለቱ በሬዲዮ ይነገሩ፣ በሰልፍ ይፈከሩ ነበር፤ የወደደም የጠላም ለመዳቸው። ለቶርክ የፎከረለት የለም።

እንግሊዝኛም ቢሆን ይህን ቃል ይዞት አልተወለደም። የእንፋሎት ሞተር ከመቶ ዓመት በላይ ሲሽከረከር ሰዎቹ «ሞመንት» እያሉ ነበር የሚኖሩት። «ቶርክ» በኅትመት የታየው በእ.ኤ.አ. 1884 ነው፤ ሐሳቡን ያመጣው የሎርድ ኬልቪን ወንድም መሐንዲሱ ጄምስ ቶምሰን እንደሆነ ይነገራል። በዚያው ዓመት ሲልቫነስ ቶምፕሰን ስለ ዲናሞዎች በጻፈው መጽሐፍ ተጠቀመበት። ማጠንጠንና መጠምዘዝ ከሚል የላቲን ግስ የወሰዱት ነው። የዲናሞን ዘንግ ለማዞር ምን ያህል ያስፈልጋል ብሎ በየቀኑ የሚጠይቅ ሰው ሲበዛ፣ አጭር ስም አስፈለገ፤ ተፈጠረም። ሌሎችም እንደየዓይናቸው ሰይመውታል። ጀርመኖች «የማዞር ሞመንት» አሉት፤ ፈረንሳዮች እንደ ጣሊያኖቹ ጥንድ አሉት፤ ዓረቦች «ዐዝም አደወራን» ይሉታል፤ ዐዝም ቁርጥ ውሳኔ፣ ጽናት ማለት ነው። የመዞር ቁርጠኝነት! ከሁሉም ይህ ያስቀናኛል።

እኛ ዘንድ የሚቀድመው ችግር ግን የቶርክ ጎረቤቶች ናቸው። «የማዞር ጉልበት» ብለን ብንገላገልስ? ብዙዎች የሚያደርጉት ይህንን ነው። ለመሆኑ ጉልበት ምንድን ነው? የፊዚክስ ጽሑፎቻችን አንዳንዱ ለ«ፎርስ» ጉልበት ይላል፤ አንዳንዱ ኃይል ይላል። የመኪና ሻጭ «120 የፈረስ ጉልበት» ሲል ደግሞ «ፓወር» ማለቱ ነው። መብራት ኃይልን ያየን እንደሆነ ኃይል ራሱ «ፓወር» ሆኗል። እንደገና ስለ ፀሐይ ኃይል ሲወራ «ኢነርጂ» ይሆናል። ጉልበቴን አመመኝ የሚለውን እንኳ ልተወው።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ባልተጨነቅሁ። ቁጥር ሲገባበት ግን ስሕተት ይወልዳል። አንድ ሞተር 250 ኒውተን ሜትር ቶርክ አለው እንበል። በደቂቃ 2000 ጊዜ ሲዞር የሚሰጠው «ፓወር» 52 ኪሎዋት፣ ወይም 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ቶርኩ ሳይለወጥ በደቂቃ 4000 ጊዜ ከዞረ 105 ኪሎዋት፣ 140 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይሆናል። ቶርኩ አንድ፣ የፈረሱ ጉልበት እጥፍ። ሁለቱንም «ጉልበት» ያለ ተርጓሚ አንባቢውን «ጉልበቱ ሳይጨምር ጉልበቱ ጨመረ» የሚል እንቆቅልሽ ውስጥ ይከተዋል። የጭነት መኪና ሹፌር ዳገት ላይ የሚፈልገው በዝቅተኛ ዙር የሚገኘውን ትልቅ ቶርክ ነው፤ በሜዳ ላይ የሚፎካከር ሰው የሚኮራበት የፈረሱ ቁጥር ነው። ማስታወቂያ ሲተረጎም ሁለቱ ሲምታቱ በብዛት አይቻለሁ። በመለኪያቸው እንለያቸው እንዳንል እንኳ ኒውተን ሜትር አያስተማምንም፤ ቶርክም የሥራ መጠንም በኒውተን ሜትር ይለካሉና። ፊዚክሰኞች ሥራውን «ጁል» ብለው የለዩት እንዳይምታታ ነው።

ስለዚህ የራሱ ስም ያስፈልገዋል ብዬ ቃል ፍለጋ ገባሁ። የቃል ፈጣሪ መንገድ የታወቀ ነው፦ ያለውን ግስ ወስዶ በስም ቅርጽ ማውጣት፣ ግእዝ መቆፈር፣ ሁለት ቃል ማጣመር፣ ወይም የባዕዱን ቃል እንዳለ መቀበል። አማርኛ ለመዞርና ለመጠምዘዝ የግስ ድኻ አይደለም፤ ዞረ፣ ሾረ፣ ተሽከረከረ፣ ጠመዘዘ፣ ጦዘ፣ ከረረ እያለ ይቀጥላል። ችግሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ቤቶቹ ሁሉ ተከራይ አላቸው።

ከዞረ «ዙረት» ይወጣል። ግእዝ አስመስዬ «ኃይለ ዙረት» አልኩት፤ ግርማ ያለው መሰለኝ። ከዚያ እናቴ ትዝ አለችኝ። ዙረት በእሷ አፍ ሲውል ሲያመሽ የሚገኝ ልጅ ጥፋት ነው። ኃይለ ዙረት ያለው ሞተር ቤት የማይቀመጥ ሞተር ይሆናል። ቶርክ የመዞር ምክንያት እንጂ መዞሩ ራሱ ስላልሆነ፣ አድራጊውን መልክ ልውሰድ ብዬ «አዟሪ» ጋ ሄድኩ። አዟሪ ጋዜጣና ሎተሪ የሚሸጥ ሰው ነው። «አሽከርካሪ» ደግሞ መንጃ ፈቃድ አለው። «ጥምዘዛ» ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ጋዜጦቻችን «እጅ ጥምዘዛ» እያሉ የጫና ስም አድርገውታል። ከዚያም በላይ መሐንዲሶች ሌላ ሥራ አላቸው ለዚህ ቃል፤ ብረት ሁለት ጫፉን ተይዞ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲጠመዘዝ በውስጡ የሚፈጠረውን ጭንቀት የሚጠራ ቃል ይፈልጋሉ። ጥምዘዛን ለቶርክ ከሰጠን ያኛው ባዶ እጁን ይቀራል።

«ጥብቀት» ደግሞ ለዳዶ ብቻ የሚሆን ይመስላል፤ ለሞተር አይሆንም። ለዳዶም ቢሆን አሳሳች ነው። መካኒኮች ቶርክን የሚለኩት የቡሎኑን መወጠር ለማወቅ ነው፤ ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። መፍቻው ላይ ከምናወጣው ቶርክ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ገደማ የሚያልቀው በጥርሶቹና በዳዶው ሥር ያለውን ፍትጊያ በማሸነፍ ነው፤ ቡሎኑን የሚወጥረው የተረፈው ነው። ጥርሱ ዘይት ከነካው ፍትጊያው ይቀንስና በዚያው በ103 ኒውተን ሜትር ቡሎኑ ከሚገባው በላይ ይወጠራል፤ ሊለጠጥ፣ ሊበጠስም ይችላል። ዝገት ካለበት መለኪያው 103 ሲያሳይ ቡሎኑ ገና ልል ነው፤ ጥቂት ከተነዳ በኋላ ዳዶው ይላላል። ቶርኩ ትክክል፣ ጥብቀቱ ስሕተት የሚሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ይህንን ለሠልጣኝ ለማስረዳት ሁለት የተለያዩ ቃላት የግድ ያስፈልጋሉ።

ልቤ የወደደው «ጡዘት» ነበር። እንዝርት ሲሾር ክሩ ይጦዛል። ፈታይዋ በጣቶቿ የምትሰጠው ቶርክ ነው፤ ክሩ ውስጥ የሚታየውም የእሱ ውጤት ነው። ላቲኖቹም ከመጠምዘዝ ነው የተነሡት፤ በአንድ መንገድ ሄደናል ማለት ነው። በእርግጥ ሥነ ጽሑፍ መምህራን ቀድመው ይዘውታል፤ የልቦለድ ግጭት ጫፍ የደረሰበት ቦታ ጡዘት ይባላል። እሱ ግን አያሳስበኝም፤ ድራማና ዳዶ የሚያምታታ ተማሪ የለም።

አዲስ ቃል ከመጽደቁ በፊት የማደርገው ፈተና አለኝ። ቃሉ በሚኖርባቸው ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ አስገብቼ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፤ የሚቻል ከሆነም ለባለሙያው አነብለታለሁ። ጋራዡ ተመልሼ ሄጄ ለመካኒኩ እንዲህ አልኳቸው፦ «የሞተሩ ከፍተኛ ጡዘት 250 ኒውተን ሜትር ነው።»

እሳቸው ዝም አሉ። ከመኪናው ሥር የነበረው ረዳታቸው ግን ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ሞተሩ ምን ቢጠጣ ነው የጦዘው?» አለ።

የወጣቱን አማርኛ ረስቼ ነበር። ጦዘ ማለት ለእሱ ትውልድ ሰክሮ ወይም ቅሞ ራሱን የሳተ ሰው ነው። ቢሆንም ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ቀጠልኩ፦ «ዳዶውን በ103 ኒውተን ሜትር ጡዘት አጥብቀው።» ይኼኛው ሳቅ አላመጣም። ሽማግሌው «ይኼስ ይሄዳል፤ ክር እንደማክረር ነው» አሉ። ሦስተኛው የመሣሪያው ስም ነበር። ልኩ ሲደርስ ቀጭ ብሎ የሚያስታውቀውን መፍቻ «ጡዘት መለኪያ መፍቻ» አልኩት። «እሱን ቶርክ ሬንች ነው የምንለው» አሉኝ። ከመሳቢያ አውጥተው አሳዩኝ። መሣሪያው በእጅ ስለሚጨበጥ ስሙ ሳይተረጎም አብሮት ገብቷል፤ እንደ ፒንሳውና እንደ ካቻቢቴው። ቶርክ የሚለው ድምፅ ጋራዡ ውስጥ ነበረ ማለት ነው፤ ግን የመፍቻ ስም ሆኖ።

ይህ ነው ሐሳቤን የለወጠው። ለሠልጣኞቹ ጽሑፍ «ቶርክ» ብዬ ተውኩት። ጡዘትን ስለናቅሁት አይደለም። ሠልጣኙ ነገ መሳቢያውን ሲከፍት የሚያነበው፣ ከመለኪያው ገጽ ላይ የሚያየው፣ ከጌታው አፍ የሚሰማው ቶርክ የሚለውን ነው። ተርጓሚ ለብቻው የፈጠረው ቃል በዚያች ደቂቃ አይረዳውም። መጀመሪያ በመጣበት ቦታ ግን ባዶውን አልተውኩትም፤ በቱቦው አስረዳሁት፦ «ቶርክ ማለት የምንጫንበት ጉልበት እና ከዘንጉ እስከ ተጫንበት ቦታ ያለው ርቀት ተባዝተው የሚሰጡት የማዞር መጠን ነው። መፍቻው ላይ ቱቦ ሲጨመር ጉልበታችን አይጨምርም፤ ቶርኩ ግን ይጨምራል።» ለርቀቱ «ክንድ» የሚለውን ወሰድኩ። የሰው ክንድም ነው፤ የአያቶቻችን መለኪያም ነው፤ መሐንዲሶቹም በየቋንቋቸው ያንን ርቀት ክንድ ነው የሚሉት። ለአንዴ እንኳ ተከራዩና ባለቤቱ ተስማሙ። ጉልበት የሚለውንም በጽሑፉ ሁሉ ለ«ፎርስ» ብቻ አዋልኩትና የፈረሱን «አቅም» አልኩት። ከቶርክ ይልቅ ሰፊ ጊዜ የወሰደብኝ ይህ ነው፤ 40 ገጽ ውስጥ ጉልበትንና ኃይልን እያደኑ ቦታ ቦታቸውን ማስያዝ።

ለትምህርት ቤት መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ ግን ጡዘትን እሞክረው ነበር። የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ የሚማረው መፍቻውን ብቻ አይደለም፤ በሩን፣ እንዝርቱን፣ የወንዝ ውኃ የሚያዞረውን ተርባይን ጭምር ነው። እንዲያ ላለው ልጅ ከአያቱ እንዝርት የተወሰደ ቃል ቀመሩን ከሚያውቀው ነገር ጋር ያገናኝለታል። ሳቁም ቢሆን ይለምዳል። አዟሪው ጋዜጣ ይዞ ሲመጣ ማንም ስለ ዙረቱ አይስቅበትም።

ጽሑፉ ታትሞ ሲወጣ አንድ ቅጂ ለጋሼ ወሰድኩላቸው። ስለ ጎማ አቀያየር የሚያወራውን ገጽ አውጥተው ስለ ቱቦው የተጻፈውን አነበቡ። ከዚያ ጣታቸውን 103 ላይ አሳርፈው፣ «ይኼ ግን ጥርሱን ዘይት ሳይነካው ነው?» አሉኝ። በዚያ ገጽ ላይ አልጻፍነውም ነበር። ለሚቀጥለው ኅትመት መዝግቤዋለሁ።